ያረረውን ፍቆ መጣል ይበቃል?

ብሩክ፦ እሁድ ቱሉ ዲምቱ ልኳንዳ ቤት ለልጆቼ ጎድን ከሰል ላይ አስጠበስኩ። ጠቁሮ መጣ። ጠባሹን ሳናግረው «ያረረውን ፍቀህ ብላው፣ ሌላው ንጹህ ነው» አለኝ። እውነት ነው? በጣም ተናድጃለሁ።

ታደለ፦ ልክ ብሎሃል። ጉዳቱ ጥቁሩ ላይ ነው። እኔ ሁሌ በቢላ ገፍፌ ነው የምበላው።

ሰብለ፦ ምግብ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ጥቁሩን መጣልህ ጥሩ ነው፤ «ሌላው ንጹህ ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም። ጮማው ቀልጦ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ የሚነሳው ጢስ ፒኤኤች የሚባሉትን ጎጂ ኬሚካሎች ይዞ ይወጣል፤ የሚያርፈውም ባላረረው ሥጋ ላይ ጭምር ነው። ኤችሲኤ የሚባለው ሌላው ጎጂ ኬሚካል ደግሞ ከጢስ አይመጣም። ሥጋው ውስጥ ካለው ክሬቲን ነው በኃይለኛ ሙቀት የሚፈጠረው፣ ከ150 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይብሳል። ቡናማው ቅርፊት ላይም አለ።

ታደለ፦ ቅርፊቱም ከተከለከለ ጥብስ ምን ቀረው?

ሰብለ፦ የከለከለ የለም ታደለ። «ንጹህ» የሚለውን ቃል ነው የተቃወምኩት።

አስቴር፦ እኔ ቁርጥ ነው የምበላው፣ ጢስ የሚባል አያውቀኝም።

ታደለ፦ እትዬ አስቴር፣ ኮሶውስ?

አስቴር፦ ሥጋውን ከማን እንደምገዛ አውቃለሁ። አንተ ስለ ጥቁርህ አውራ።

ብሩክ፦ ኧረ ወደ ጥያቄዬ! ቤት ስጠብስ ምን ላድርግ?

ሰብለ፦ እኔ አንድ ኪሎ ጎድን ስጠብስ ከዳር የተንጠለጠለውን ጮማ እከረክማለሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቀቅዬ አጠነፍፈዋለሁ፤ ያኔ እሳት ላይ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በተከተከተ የጥብስ ቅጠል አሽቼ አሳድረዋለሁ። የጥብስ ቅጠል ለሽታ ብቻ አይደለም፣ ኤችሲኤውን እንደሚቀንስ በሙከራ ታይቷል። ከሰሉ አመድ እስኪለብስ እጠብቅና ፍሙን ወደ አንድ ጎን ሰብስቤ ሥጋውን በባዶው በኩል አደርጋለሁ። ቶሎ ቶሎ አገላብጣለሁ፤ አንዱ ፊት ሳይነካ ከቆየ ነው የሚያርረው። «ቦግ» ብሎ ነበልባል ከላሰው ወዲያው አነሳለሁ።

ታደለ፦ የተቀቀለ ጥብስ! ካንሰር ካንሰር እያላችሁ ሰውን አስፈራራችሁት።

ሰብለ፦ ካንሰር የሚለውን አንተ ነህ ያነሳኸው። በአይጦች ላይ ታይቷል፣ ግን የተሰጣቸው መጠን እኛ ከምንበላው እጅግ የበዛ ነው። በሰው ላይ ያለው ጥናት ገና አልለየለትም። ለዚህ ነው በየሳምንቱ ያረረ ለልጅ አትስጡ የምለው እንጂ በዓመት በዓል የተበላውን አላወራሁም።

ባለ ልኳንዳ፦ አራብሳ ሥጋ ቤት አለኝ። «አሳርልኝ፣ ጥቁር ይበል» የሚለው ደንበኛው ነው። ፍሙን ወደ ጎን ካደረግኩ «ቀዘቀዘ፣ ዘገየ» ብሎ ይሄዳል። ጠባሹ ላይ ብቻ አትፍረዱ።

ብሩክ፦ ወንድሜ፣ እኔ አሳርልኝ አላልኩም።

ታደለ፦ እኔ ግን እላለሁ።