የዕቅድ ውይይት፦ ለመራራ አስተያየት በአደባባይ ምን ብለን እንመልስ?

የማኅበሩ ጸሐፊ
ጤና ይስጥልኝ የስልክ ጥገና ባለሙያዎች። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ እዚህ እንጨርሰው። ጉዳዩ ጉግል ማፕ ላይ ባለ አንድ ኮከብ አስተያየት ሲጻፍብን እንዴት እንደምንመልስ ነው። በደፈናው ከምናወራ አንድ አባላችን ፈቅዶ በሰጠን አስተያየት ላይ እንሥራ።

«ስክሪን ለማስቀየር ስልኬን ሰጠኋቸው። ነገ ብለው አምስት ቀን አመላለሱኝ። ስረከበው የፊት ካሜራው አይሠራም። ስጠይቃቸው ድሮም የተበላሸ ነበር አሉኝ። ሌቦች ናቸው፣ እንዳትጠጓቸው።»

አባላችን የጻፈው፣ ግን ገና ያልለጠፈው መልስ ደግሞ ይኸው፦

«ውሸት ነው። ስልክህ ውሃ ገብቶበት ነው የመጣው። ርካሹን ስክሪን የመረጥከው ራስህ ነህ። ስም ማጥፋት በሕግ ያስጠይቃል።»

እንዲህ ያለ መልስ እንዳይለጠፍ መመሪያችን ምን ይበል?

ወጣት ባለሱቅ
ለምን እንጨነቃለን? አንድ ጨዋ መልስ አዘጋጅተን ሁላችንም እንጠቀምበት። «ስለገጠመዎት ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን፤ እባክዎ በስልክ ያግኙን» ይበቃል። ጭቅጭቁን ከአደባባይ ማውጣት ነው ዋናው።

የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ
ወንድሜ፣ ጭቅጭቁ ከአደባባይ ይውጣ ያልከው ልክ ነው። የሒሳብና የካሳ ዝርዝር በስልክ ይለቅ። ግን መልሱን በዋናነት ማን ያነበዋል? የተናደደው ሰው ምናልባት አንዴ አይቶት ያልፋል። ከሳምንታት በኋላ ስክሪኑ የተሰበረበት ሌላ ሰው ግን ስልኩን ለማን እንደሚሰጥ እያመነታ ቁጭ ብሎ ያነበዋል። ዝቅተኛ ኮከብ ያላቸውን ለይቶ የሚያነብም ብዙ ነው። ያ ሰው ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ሊፈርድ አይደለም የመጣው። «እኔ ላይ ቢደርስስ ምን ያደርጉልኛል?» ነው ጥያቄው። አምስት ቅሬታ ሥር ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ተለጥፎ ሲያይ «እነዚህ ሰዎች ቅሬታውን አያነቡትም» ይላል።

ስለዚህ መልሱ ቅሬታውን በስሙ ይጥራ። ካሜራ ከተባለ ካሜራ፣ መዘግየት ከተባለ መዘግየት ይበል። ያንንም መጀመሪያ ላይ። ረጅም መልስ ስልክ ላይ ስለሚታጠፍ ብዙ ሰው የሚያየው የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ብቻ ነው።

መለዋወጫ አቅራቢ
እኔ የምለው፣ ጥሩ አስተያየት ለሚጽፍልን ሁሉ ቅናሽ ብናደርግ መጥፎው ወደ ታች ይወርድልናል።

የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ
ጥያቄያችን ስለ መልሱ ነው እንጂ አስተያየት ስለ ማብዛት አይደለም። ደግሞም በቅናሽ ወይም በስጦታ አስተያየት ማስጻፍ የጉግል መመሪያ ይከለክላል። ገንዘብ ሰጥቶ መጥፎውን ማስነሣትም እንደዚያው ነው። ረቂቁ ውስጥ ክልክል ተብሎ ይግባ።

አንጋፋው ቴክኒሻን
ልጆች፣ ከመልሱ በፊት ሥራው ይታይ። በብዙ ስልኮች ስክሪን ስትቀይር የፊት ካሜራውን፣ የጆሮ ስፒከሩንና የሴንሰሩን ፍሌክስ ማላቀቅ ወይም ከአሮጌው ስክሪን ወደ አዲሱ ማዛወር አለ። ፍሌክሱ ትንሽ ከታጠፈ ወይም ሶኬቱ በደንብ ካልገባ ካሜራው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሰውየው ያለው ሊሆን የሚችል ነገር ነው። «ድሮም የተበላሸ ነበር» ለማለት ስልኩን ስትረከብ ካሜራውን ከፍተህ መዝግበህ መሆን አለበት። የዚህን ልጅ መዝገብ ጠይቄ አየሁት። «ስክሪን» ይላል፣ ሌላ ምንም የለም።

የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ
ጋሼ ዋናውን ነገር ነገሩን። ማስረጃ የሌለን ነገር ላይ አንከራከር። ውሃው እውነት ቢሆን እንኳ በአደባባይ አይጻፍ። የሰውን ስልክ ይዞታ ማውጣት ይሆናል። የሚያነበው ሰው ደግሞ «የእኔንም ጉድ ነገ ይዘረግፉታል» ይላል። በሕክምናው ዘርፍማ ያስቀጣል። በአሜሪካ አንድ የጥርስ ሕክምና ተቋም ለአስተያየት ሲመልስ የታካሚ መረጃ በማውጣቱ በ2019 10,000 ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። እኛ ዘንድ ፎቶና መልእክት የሞላበት ስልክ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ምስጢር መጠበቃችንን ደንበኛው ከመልሳችን ማየት አለበት።

ወጣት ባለሱቅ
እሺ፣ «ሌቦች» የሚለውንስ ዝም ልንለው ነው?

የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ
አዎ። «ሌቦች አይደለንም» ብለህ ስትጽፍ ቃሉን አንተው ደገምከው። ያደረግኸውን ንገረውና ፍርዱን ለአንባቢው ተወው። አስተያየቱ የተጻፈበትን ባለሱቅ ደውዬ ጠይቄው ይህን ረቂቅ ጽፌያለሁ፦

«ነገ ተብለው አምስት ቀን መመላለስዎና የፊት ካሜራው የማይሠራ ስልክ መረከብዎ ያበሳጫል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። የዘገየነው ስክሪኑ በእጃችን ስላልነበረ ነው፤ ይህንንም በጊዜው ልንነግርዎ ይገባ ነበር። ስልኩን ስንረከብ ካሜራውን አልሞከርነውም፤ ስለዚህ ቀድሞ ተበላሽቶ ነበር ማለት አንችልም። ይዘውት ይምጡ፣ እርስዎ ባሉበት ከፍተን እናየዋለን። ችግሩ ከጥገናው የመጣ ከሆነ ያለ ክፍያ እናስተካክላለን። አሁን ካሜራ፣ ድምፅና ንክኪ ደንበኛው ፊት ሳንሞክር ስልክ አንረከብም። የጥገና ክፍል ኃላፊ»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለቀጣዩ ደንበኛ ነው። ባለሱቁ አሠራሩን በእርግጥ ካልጀመረ ግን ይውጣ። አንድ ሰው መጥቶ ሳይሞከርለት ስልኩን ቢሰጥ ሁለተኛው አስተያየት ከመጀመሪያው ይብሳል።

አንጋፋው ቴክኒሻን
«እርስዎ ባሉበት ከፍተን» የሚለውን ወደድኩት። ካሜራው ፍሌክሱ ወልቆ ከሆነ እዚያው ይታያል። ፍሌክሱ የተቀደደ ከሆነ ግን መቼ እንደተቀደደ ሁልጊዜ መለየት አይቻልም። ያኔ ወጪው የማን ነው? ረቂቁ ይህን አይመልስም።

አዲስ አባል
የእኔ ጉዳይ ይለያል። ጭራሽ የማላውቀው ሰው አንድ ኮከብ ሰጥቶኛል። እንዴት ላስነሣው?

የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ
እህቴ፣ ሐሰተኛ ነው ብለሽ ለጉግል ሪፖርት አድርጊ። የሚነሣው መመሪያውን የጣሰ እንጂ የመረረ ሁሉ አይደለም። እስከዚያው አጭር መልስ ይኑር፦ «በዚህ ስም የተመዘገበ ሥራ አላገኘንም። የደረሰኝ ቁጥሩን ቢልኩልን ወዲያው እናያለን።» «ተፎካካሪ ነው የላከህ» አትበዪ። የአካውንቱ ስም ከመዝገቡ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ስልኩን ያመጣው ወንድሙ ሊሆን ይችላል።

ወጣት ባለሱቅ
በስንት ሰዓት ውስጥ እንመልስ? እኔ በዚያው ቀን ባይ ነኝ።

አንጋፋው ቴክኒሻን
መዝገቡ ሳይታይና ቴክኒሻኑ ሳይጠየቅ አይሆንም። ሲያድር ቁጣም ይበርዳል።

የማኅበሩ ጸሐፊ
እንዲህ መዝግቤያለሁ። መልስ የሚጻፈው መዝገብ ከታየ በኋላ ነው፤ ገደቡ ሁለት የሥራ ቀን ይሁን። ጻፊውና ቴክኒሻኑ አንድ ሰው ከሆኑ ከመለጠፉ በፊት ሌላ አባል ያነበዋል። ችግሩ ሲፈታ ወደ መልሱ ተመልሶ ማስተካከል ይቻላልና ይስተካከል። ደንበኛው አስተያየቱን ቢቀይር የድሮው መልሳችን ከሥሩ እንደተለጠፈ ስለሚቀር ያም ይታይ።

ሁለት ነገር አልተቋጨም። አንደኛው ጋሼ ያነሡት የተቀደደ ፍሌክስ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በውስጥ መስመር የደረሰኝ ነው፤ «ያለ ክፍያ እናስተካክላለን» ብለን በአደባባይ ከጻፍን ካሜራው ድሮ የተበላሸበት ሁሉ ይመጣብናል የሚሉ አባላት አሉ። በርክክብ ጊዜ የሚሞላው ቅጽ ሁለቱንም የሚያቃልል ይመስለኛል። ጋሼ፣ የሚሞከሩትን ነገሮች ዝርዝር እርስዎ ቢያወጡልን ከረቂቁ ጋር አያይዤ ለጉባኤው አቀርበዋለሁ።