ዋጋ በየወሩ እጥፍ ሲሆን ደሞዝ መጨመር ለምን አያድንም?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። ዋጋ በየወሩ እጥፍ ሲሆን ደሞዝም አብሮ እጥፍ ቢደረግ፣ ሠራተኛው ምን ይጎድልበታል? ሱቆችስ ለምን ባዶ ይሆናሉ?

ሒሳብ ሠሪ፦ የሚጎዳው መሃል ላይ ያሉት ቀናት ናቸው። ደሞዝህ በወሩ መጀመሪያ ሲወሰን 100 ኪሎ ዱቄት ይገዛ ነበር እንበል። እጅህ የሚገባው ግን በወሩ መጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜ 50 ኪሎ ብቻ ይገዛል። የገንዘቡን ግማሽ ዛሬ አጥፍተህ ግማሹን ሁለት ሳምንት ብታቆየው፣ 25 ኪሎ ይገዛ የነበረው ወደ 18 ይወርዳል። በቀጣዩ ወር ደሞዙ እጥፍ ቢሆንም ያው ነው። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1923 ሠራተኞች በየቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን ሁለት ጊዜ ይከፈላቸው የነበረው ለዚህ ነው። እንደተቀበሉም ወደ ሱቅ ይሮጡ ነበር።

ነጋዴዋ፦ የሱቁን እኔ ልንገርህ። በ100 የገዛሁትን ዕቃ በ130 ብሸጥ በደብተሬ ላይ 30 አትርፌያለሁ። ለመተካት ስሄድ ግን አከፋፋዩ 200 ይለኛል። ከሦስት ካርቶን ሁለቱን እንኳ በቅጡ አልተካሁም ማለት ነው። በዚህ ላይ ዋጋ እንድቀንስ ብታዘዝ መሸጡን እተዋለሁ። ዚምባብዌ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 ዋጋ እንዲቀነስ ታዝዞ መደርደሪያዎች ባዶ ቀርተዋል። ነጋዴ ስግብግብ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ!

አንባቢ፦ ሁሉም የገንዘብ ማተሚያ ቤቱ ጥፋት ነው። ማተም ቢቆም በማግስቱ ያበቃል።

ሒሳብ ሠሪ፦ መነሻውን አግኝተኸዋል፣ ግን ግማሹ ይቀራል። ጀርመን ውስጥ ወደ መጨረሻው ላይ ዋጋ ከኅትመቱም በላይ ፈጥኖ ነበር፤ ያን ሁሉ እየታተመ የገንዘብ እጥረት ይባል ነበር። ሰው ነገ ዋጋ እንደሚያጣ ካመነ ገንዘቡን ቶሎ ከእጁ ያወጣዋል፣ ያ ሩጫ ራሱ ዋጋውን ይገፋዋል።

ባለዕዳ፦ እኔ ብድር አለብኝ። እንዲህ ከሆነ ዕዳዬ ይቀልልኛል ማለት ነው?

ነጋዴዋ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄው ስለ ደሞዝ ነበር። ያም ሆኖ፣ አዎ፣ ይቀልላል፤ ያበደረህ ሰው ግን ይከስራል። ከዚያ በኋላ ማን ያበድራል? እኔ እንኳ በዱቤ መስጠቱን አቆማለሁ።

ጠያቂ፦ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ጀርመን ግን በምን አበቃች? አዲስ ገንዘብ ስላወጣች ነው?

ሒሳብ ሠሪ፦ በኅዳር 1923 ሬንተንማርክ ወጣ፤ አንዱ በ1 ትሪሊዮን የወረቀት ማርክ ተመነዘረ። እኔ ግን ይበልጥ የማየው፣ በዚያው ወቅት ማዕከላዊ ባንኩ ገንዘብ እያተመ ለመንግሥት ማበደር ማቆሙን ነው።

አንባቢ፦ እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ሰው አዲሱን ኖት ባይቀበለው ኖሮ ብድሩ መቆሙ ብቻውን ምን ያደርግ ነበር?