ዋትሳፔ አዲሱ ስልክ ላይ ባዶ ሆነብኝ፣ ገዢው 11 ሰዓት ይመጣል!

ጠያቂዋ፦ እባካችሁ ድረሱልኝ! ሳምሰንግ ኤ12 ስልኬን ሸጬዋለሁ፣ ልጁ 11 ሰዓት መጥቶ ይወስደዋል። ዋትሳፑን አዲሱ ላይ ስከፍተው ቻቱ ሁሉ ባዶ ነው። አሮጌው ደግሞ አስወጣኝ። እህቴ ከቤሩት ቤት ለመሥራት የላከችው ብር ደረሰኞች፣ የ4 ዓመት ቮይስ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ባክአፕ አድርጌ ነበር እኮ!

ፈጣን መልስ፦ ድራይቭ ላይ ባክአፕ ካደረግሽ ምን ያስጨንቅሻል? ዋትሳፑን አጥፊና እንደገና ጫኚ፣ Restore በይ። አለቀ።

የሰፈር አማካሪ፦ ሰው ስልኩን የሚሸጠው ዕቃውን ካወጣ በኋላ ነው። ቤት ስትለቂ መጀመሪያ ቁልፍ ነው የምትሰጪው? ደረሰኝ በወረቀት ነው የሚያዘው ስንል አልሰማችሁም።

ጥገና ቤት፦ እህቴ፣ አሮጌው ላይ ዋትሳፑን እንዳታጠፊው! አዲሱ ስልክ ምንድን ነው?

ጠያቂዋ፦ አይፎን ነው። አልነገርኳችሁም እንዴ? የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ የላከልኝ።

ፈጣን መልስ፦ ድራይቭን አይፎን ላይ ጫኚዋ፣ ከዚያ Restore።

ጥገና ቤት፦ አይሆንም ወንድሜ። አንድሮይድ ድራይቭ ላይ ያስቀመጠውን የዋትሳፕ ባክአፕ አይፎን አይከፍተውም። የድራይቭ አፑን ብትጭንም ለውጥ የለውም። እህቴ፣ ቻትሽ አልጠፋም፣ አሮጌው ስልክ ውስጥ ተቀምጧል። በዚያው ቁጥር አሮጌው ላይ መልሰሽ ግቢ። የሚመጣውን ኮድ ሲሙ ካለበት ስልክ አንብቢ። ኮዱን ግን ደጋግመሽ አትጠይቂ፣ ሰዓት እየቆጠረ ያስጠብቅሻል።

ጠያቂዋ፦ ገባሁ!! ቻቱ አለ! እልል!

ጥገና ቤት፦ እልልታው ይቆይ። መጀመሪያ አሮጌውን በገመድ ኮምፒውተር ላይ ሰኪና ይህን ፎልደር እንዳለ ገልብጪ፦

```
Android/media/com.whatsapp/WhatsApp/Media
```

የደረሰኝ ፎቶውና ቮይሱ እዚያ ነው ያለው፣ ያለ ዋትሳፕም ይከፈታል። ጽሑፉ ግን እዚህ የለም። ስለዚህ የእህትሽን ቻት ከፍተሽ Export chat በይና ድራይቭ ላይ አስቀምጪ። እሱ ለማንበብ ብቻ ነው፣ ዋትሳፕ ውስጥ ተመልሶ አይገባም።

ቻቱ አይፎኑ ላይ እንዲገባ ከፈለግሽ መንገዱ Move to iOS የሚባለው አፕ ነው። አሮጌው ላይ ትጭኚዋለሽ። አይፎኑ ግን ገና ከካርቶን እንደወጣ መሆን አለበት። አንቺ ስለከፈትሽው ከዜሮ አጥፍተሽ ጀምሪው፦ Settings፣ General፣ ከዚያ Transfer or Reset iPhone። ሲነሳ From Android የሚለውን ምረጪ፣ ኮድ ይሰጥሻል። ኮዱን አሮጌው ላይ አስገቢና ከሚዘዋወሩት ውስጥ WhatsApp የሚለውን ምረጪ። ሁለቱንም ቻርጅ ላይ ሰኪ። ሲጨርስ አይፎኑ ላይ ዋትሳፕ ጭነሽ በዚያው ቁጥር ግቢ።

ቴሌግራም ወዳጅ፦ ለዚህ ነው ቴሌግራም የምለው፣ የትም ብገባ ቻቴ ይጠብቀኛል።

ከዱባይ፦ ሲክሬት ቻቱ አይጠብቅህም። እኔ ስልኬን ፎርማት አድርጌ ሸጥኩና የባሌ ሲክሬት ቻት እንደወጣ ቀረ። እሱ ደስ አለው።

አሮጌ ኖኪያ፦ ፎርማት ብቻ አይበቃም። ካጠፋሽ በኋላ ስልኩን በፊልም ሙይው፣ እንደገና አጥፊ። 3 ጊዜ። አለዚያ ሶፍትዌር ያለው ሰው ፎቶሽን ያወጣዋል።

ጥገና ቤት፦ ለድሮ ስልክ እውነት ነው። ኤ12 ግን በአንድሮይድ 10 የወጣ ነው፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ከመጀመሪያው የተመሰጠረ ነው። ሪሴት ሲደረግ መፍቻው አብሮ ይጠፋል፣ የቀረው ትርጉም የለውም።

አሮጌ ኖኪያ፦ እኔ አሁንም እሞላለሁ።

ፈጣን መልስ፦ ሲያልቅ ድምፅ መጨመሪያውንና ማብሪያውን አንድ ላይ ይዘሽ በሪከቨሪ አጥፊው፣ ፈጣን ነው።

ጥገና ቤት፦ እንዲህ የተደረገ ስልክ በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣልኝ ብታውቅ! ጂሜይሉ ሳይወጣ በሪከቨሪ ከጠፋ፣ ስልኩ ሲከፈት የድሮውን ጂሜይል ይጠይቃል። ገዢው «የተሰረቀ ነው የሸጥሽልኝ» ብሎ ይመለሳል። መጀመሪያ ሰቲንግ ገብተሽ የጉግልና የሳምሰንግ አካውንትሽን Remove በይ። ከዚያ General management፣ Reset፣ Factory data reset። ሲነሳ ዋይፋይ አስገብተሽ ትንሽ ሂጂበት፦ የድሮ ጂሜይል ካልጠየቀሽ ንጹህ ነው፣ ስልኩን ዝጊና ስጪው። ይህን ሁሉ ግን አይፎኑ ላይ የድሮ ቮይስ ከፍተሽ ሳትሰሚ እንዳትነኪው።

የሰፈር አማካሪ፦ ስንት ሸጥሽው ግን?

ጠያቂዋ፦ ማዘዋወሩ ገና ግማሽ ነው፣ 10 ሰዓት ከ50 ሆኗል። ልጁ ደውሎ ታክሲ ውስጥ ነኝ አለ።

ከዱባይ፦ ቡና አፍይለት። ሦስተኛ ሳይጠጣ አይነሳም።

ጥገና ቤት፦ ሜሞሪ ካርዱን አወጣሽው? ሪሴቱ እሱን ላይነካው ይችላል።

ጥገና ቤት፦ እህቴ?