«ግሽበቱ ረገበ» ሲባል ዋጋው ወረደ ማለት ነው?

ቀለም፦ ስለ 1970ዎቹ የአሜሪካ ኢኮኖሚ አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። «በ1974 11 በመቶ የነበረው ግሽበት በ1976 ወደ 5.8 ረገበ» ብዬ ጻፍኩ። ያነበበልኝ ሰው «ታዲያ ዕቃው ረከሰ?» አለኝ። ቃሉን ልቀይረው?

ባለ ሚዛን፦ አልረከሰም። በ1973 በ100 ዶላር የሚገዛ ዕቃ በ1974 ወደ 111፣ በ1975 ወደ 121፣ በ1976 ወደ 128 ገደማ ወጥቷል። የቀነሰው የአወጣጡ ፍጥነት ነው። የወጣው ግን ወጥቶ ቀረ።

አንባቢሽ የተሳሳተው በከንቱ አይደለም፤ ዶላር በወርቅ በሚታሰርበት ዘመን ቢሆን ልክ ይሆን ነበር። በ1920 በ100 ዶላር ይገዛ የነበረው በ1922 በ84 ዶላር ይገዛ ነበር። ያኔ ማዕከላዊ ባንኩ ለሚያወጣው ኖት ከዋጋው 40 በመቶ የሚሆን ወርቅ መያዝ ነበረበት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብድር ሲበዛ ወርቁ ወደዚያ ወሰን ተጠጋ፤ ስለዚህ በ1920 የማዕከላዊ ባንኩ የኒውዮርክ ቅርንጫፍ ወለዱን 7 በመቶ አደረሰው። ብድር ጠፋ፣ ዋጋም ወደ ታች ተመለሰ። ተመለሰ ስል ግን ደስታ ነበር ማለቴ አይደለም። ስንዴው ከ2 ዶላር በላይ በሚሸጥበት ጊዜ የተበደረ ገበሬ፣ ስንዴው ወደ 1 ዶላር ከወረደ በኋላም ዕዳውን በሙሉ መክፈል ነበረበት።

እንግዳ፦ ነገሩ ግልጽ ነው። ነሐሴ 1971 ኒክሰን ዶላሩን ከወርቅ አላቀቀው። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አሜሪካዊ ኖቱን ይዞ ሄዶ ወርቅ ይቀበል ነበር፤ በማግስቱ ዋጋ ናረ።

ባለ ሚዛን፦ ቀኑን አልሳትክም፣ ኦገስት 15 ነው። ግለሰብ ግን ኖቱን በወርቅ መቀየር የተከለከለው በ1933 ነው። በ1971 የተዘጋው በር የውጭ አገር ማዕከላዊ ባንኮች አንዱን ወቄት በ35 ዶላር የሚወስዱበት ነበር። በማግስቱም ዋጋ አልናረም፤ በዚያው ንግግር ዋጋና ደመወዝ ለ90 ቀን እንዳይጨምር ታግዶ ነበርና። የ1972 ግሽበት እንዲያውም 3.2 በመቶ ብቻ ነው። ንረቱ የመጣው ቁጥጥሩ ሲላላ፣ ዶላር ሲረክስ፣ ከ1973 መጨረሻ ጀምሮም ነዳጅ ሲወደድ ነው።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስከ 1971 ድረስ እንኳ የዓመቱ አማካይ ዋጋ የወረደው በ1949 እና በ1955 ብቻ ነው። ዶላሩን ከወርቅ ያሰረው ገመድ ሳይበጠስም ረግቦ ነበር። ከተበጠሰ በኋላ የወረደው አንዴ፣ በ2009፣ በ0.4 በመቶ ነው።

አንጓ፦ የወርቁን ዋጋ ከሆነ የምትጠይቁት በጃንዋሪ 1980 አንዱ ወቄት 850 ዶላር ደርሶ ነበር። ያኔ ሐብል የገዛ ሰው ለብዙ ዓመት ከስሮ ኖሯል።

ቀለም፦ አይ፣ ስለ ወርቅ መግዛት ሳይሆን ስለ «ረገበ» ነው ጥያቄዬ።

ሳንቲም፦ ከርዕሱ ካልወጣሁ፦ አባቶች «ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም» የሚሉት ከዚህ ጋር ይገናኛል? እኔ ደርግ የተመነው ይመስለኝ ነበር።

ባለ ሚዛን፦ በቀጥታ ይገናኛል። ከደርግ በፊት፣ በ1973 የመጣ ነው። ዶላር በ2.50 ብር ሲመነዘር አንድ ወቄት ወርቅ 87.50 ብር ያወጣ ነበር፤ 35 ሲባዛ በ2.50። አሜሪካ በዲሴምበር 1971 ወቄቱን 38 ዶላር ስታደርገው 87.50 ለ38 ሲካፈል 2.30 ሆነ። በ1973 42.22 ዶላር ስታደርገው ደግሞ 2.07 ወጣ። ብሩ በወርቅ ሲለካ ያለበት ቆመ፤ የወረደው ዶላሩ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ብሩ ከዶላሩ ጋር በዚያ ተመን ተጣብቆ እስከ 1992 ቆየ፣ ያኔ 5 ብር ሆነ።

እንግዳ፦ የ1933ቱን አላውቅም ነበር። ቢሆንም ወርቁ ቢቀጥል ዋጋ እንዲህ አይከማችም ነበር እላለሁ።

ባለ ሚዛን፦ ላይከማች ይችላል። የ1920ውን ዓይነት መውረድ ማን ይሸከመው ነበር የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ በእሱ ላይ ባለሙያዎቹም አይስማሙም።

አንጓ፦ ወደ ቃሉ እንመለስ። «ረገበ» የተወጠረ ገመድ ሲላላ ነው። ውጥረቱ ቀነሰ እንጂ ወደ ነበረበት ተመለሰ አይልም። ስለዚህ ቃሉ አልተሳሳተም፤ «ወደ 5.8» የሚለው ነው ከዋጋ ጋር የሚያምታታው።

ሳንቲም፦ እኔ ግን «ቀዘቀዘ» ይሻላል እላለሁ። ገበያ ቀዘቀዘ ይባል የለ?

ባለ ሚዛን፦ ገበያ ቀዘቀዘ ሲባል ገዢ ጠፋ ማለት ነው፤ እሱ የባሰ ያሳስታል። ቀለም፣ ቃሉን ተዪውና ዋጋውን ራሱን አብረሽ ጻፊው፦ «በ1974 ዋጋ በ11 በመቶ ጨምሮ ነበር፤ በ1976 በላዩ ላይ 5.8 በመቶ ጨመረ።»

ቀለም፦ «በላዩ ላይ» የምትለዋን ወሰድኩ። «ረገበ»ን ግን ለርዕሱ አስቀርቻታለሁ።