30 ከመቶ ጨምሬ ሸጬ 18,000 ብር የት ገባ?

ጥያቄ፦ የጫማ ነጋዴ፣ ደብረ ብርሃን

ከውጭ የሚገቡ ጫማዎችን ከመርካቶ በጅምላ እያመጣሁ እቸረችራለሁ። አንዱ ጥንድ ከነማጓጓዣው ሱቄ ሲደርስ 2,000 ብር ይፈጅብኛል፤ 30 ከመቶ ጨምሬ በ2,600 እሸጣለሁ። ባለፈው ወር 100 ጥንድ ተሸጦ 260,000 ብር ስለገባ፣ 30 ከመቶውን ማለትም 78,000 ብሩን ትርፌ ነው ብዬ ለኪራይና ለቤት ወጪ አወጣሁ። በኋላ የጫማውን መግዣ ቀንሼ ሳሰላ ግን ትርፉ 60,000 ብር ብቻ ሆነብኝ። ሱቁን የሚጠብቅልኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ ልጠይቀው አፍሬ ዝም ብያለሁ። ልዩነቱ ከየት መጣ?

የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ፣ ደብረ ሲና

ወንድሜ፣ ልጁን አይጠርጥሩት። ከአንድ ጥንድ 600 ብር ያተርፋሉ፤ በመቶ ጥንድ ሲባዛ 60,000 ይሆናል፤ የጎደለ ነገር የለም። 30 ከመቶ ቢሉት ሌላም ቢሉት ብሩ ያው ስለሆነ፣ በመቶኛው መጨነቅ አያስፈልግም።

የሂሳብ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

ስለ ልጁ የተባለው ትክክል ነው፤ መቶኛው አያስጨንቅም የሚለው ግን ሱቁን ቀስ በቀስ ባዶ የሚያደርግ ምክር ነው። እርስዎ 30 ከመቶ የጨመሩት በመግዣው በ2,000 ብር ላይ ነው። ትርፉን ሲያወጡ ግን ያንኑ 30 ከመቶ ከሽያጩ ከ260,000 ብር ላይ አሰሉት። 600 ብር ለ2,000 ሲካፈል 30 ከመቶ ነው፤ ለ2,600 ሲካፈል ግን 23 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። የመጀመሪያው በመግዣው ላይ የተደረገ ጭማሪ ሲሆን ሁለተኛው የትርፍ ህዳግ ነው፤ ከመሳቢያው ገንዘብ ላይ የእርስዎ ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚነግርዎት ሁለተኛው ብቻ ነው።

18,000 ብሩ የወጣው ከዋናው ገንዘብ ላይ ነው። ከ260,000 ላይ 78,000 ሲያወጡ 182,000 ይቀራል፤ ይህም በ2,000 ሂሳብ የሚገዛው 91 ጥንድ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጉዞ ዕቃው ካነሰብዎት ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከሽያጩ ላይ በእርግጥ 30 ከመቶ እንዲቀርልዎት ከፈለጉ መግዣው ከመሸጫው 70 ከመቶ መሆን ስላለበት፣ 2,000ን ለ0.70 ያካፍሉ፤ 2,857 ብር ይመጣል። በመግዣው ላይ 43 ከመቶ ገደማ መጨመር ማለት ነው።

የጫማ ነጋዴ፣ ሸዋ ሮቢት

እኔን የጎዳኝ ደግሞ የዋጋ ክርክሩ ነው። ደንበኛ «አስር ከመቶ ቀንሺልኝ» ሲለኝ ከትርፌ አስር ከመቶ ብቻ የሚቀንስ ይመስለኝ ነበር። በእርስዎ ዋጋ ሲታይ ግን ከ2,600 ላይ 260 ብር ሲቀነስ መሸጫው 2,340 ይሆናል፤ ትርፉም ከ600 ወደ 340 ብር ይወርዳል። ከትርፉ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሄደ ማለት ነው። አሁን ለምትሸጥልኝ ልጅ የምነግራት በመቶኛ አይደለም፤ በየካርቶኑ ላይ ከዚህ በታች አይሸጥም የሚል የብር መጠን በእስክሪብቶ እጽፍላታለሁ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት መርካቶ ስሄድ በእጄ የነበረው ገንዘብ የበቃው በትክክል ለ91 ጥንድ ነው፤ ዘጠኙን በዱቤ ያዝሁ፤ የልጁ ነገር ግን ሆዴን ሲበላኝ ነበር። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፤ ከጎኔ ያለው ሱቅ ይህንኑ ጫማ በ2,600 እየሸጠ እኔ 2,857 ብል ማን ይገዛኛል?

የሂሳብ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

እንግዲያው ዋጋውን አይጨምሩ፤ የሚያወጡትን ገንዘብ ግን ያስተካክሉ። በ2,600 ከሸጡ፣ ከእያንዳንዱ ጥንድ 2,000 ብሩን ለዕቃ መግዣ ለብቻው አስቀምጠው ከ600ው ብቻ ኪራዩንና የልጁን ደመወዝ ይክፈሉ። 600ው ለእነዚህ የማይበቃ ከሆነ ያ ጫማ በዚያ ዋጋ ለእርስዎ ሱቅ አይሆንም ማለት ነው፤ መጀመሪያ ይህን ይለዩ።

የጫማ ነጋዴ፣ ሸዋ ሮቢት

ይቅርታ፣ 2,000 ብር ለብቻ ማስቀመጡም አይበቃም እላለሁ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ እኔ የምጨምረው በገዛሁበት ዋጋ ላይ ሳይሆን ዛሬ መርካቶ ደውዬ በምሰማው ዋጋ ላይ ነው። ያው ጫማ ዛሬ 2,200 ከገባ፣ በ2,600 ስሸጥ ከእጄ የሚተርፈው 400 ብር እንጂ 600 አይደለም።

የሂሳብ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

ዋጋ ለመተመን ያዋጣል፤ በመዝገብ ላይ ግን ትርፉ 600 ብር ሆኖ ነው የሚጻፈው፤ ግብሩም በዚያው ይታሰባል። ከዚህም በላይ የመርካቶ ዋጋ የወረደ ዕለት እርስዎም አብረው ያወርዳሉ ወይ?

የጫማ ነጋዴ፣ ሸዋ ሮቢት

ጎረቤቴ ካወረደ አወርዳለሁ። እስካሁን ግን ያ ቀን አልገጠመኝም።