ምግብ ጉሮሮ ላይ ሲቀር፦ ሌላ መድኃኒት፣ የአንገት በላይ ሐኪም ወይስ ኢንዶስኮፒ? ከሰሜን ሸዋ ጥቆማ እፈልጋለሁ

ጠያቂ፣ ከመሐል ሜዳ፦
የ58 ዓመት አባቴ ሲውጡ ጉሮሯቸውን ያማቸዋል፤ ምግቡም «እዚህ ላይ ይቀርብኛል» እያሉ ከማንቁርታቸው በታች ያለውን የአንገት ጎድጓዳ በጣታቸው ያሳያሉ። ባለፉት አራት ወራት የጉሮሮ ቁስለት ነው ተብለው ከአንድ ክሊኒክ ሦስት ጊዜ አሞክሳሲሊን ታዞላቸው እስከ መጨረሻው ወስደዋል። ትኩሳት የለባቸውም፤ ሳልም የለባቸውም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጠንከር ያለ መድኃኒት የሚገኝበትን ፋርማሲ ወይም ጎበዝ የአንገት በላይ ሐኪም የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ይዣቸው እወርዳለሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ስለሆኑ የሪፈር ጉዳይም ቢብራራልኝ ደስ ይለኛል።

የመድኃኒት ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ሦስት ዙር አሞክሳሲሊን ያልፈታውን ነገር አራተኛው ዙር አይፈታውም፤ ስለዚህ ጠንካራ ፀረ ተሕዋስያን ፍለጋውን ይተዉት። እኔ የሚመስለኝ ወደ ላይ የሚመለስ የጨጓራ አሲድ ነው። ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም ጠዋት ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ለአንድ ወር ቢወስዱ ለውጡን ያዩታል። ከውጭ የሚገባውና በአገር ውስጥ የሚመረተው በዋጋ ቢለያዩም በአግባቡ ተይዘው ከሆነ በሥራቸው ልዩነት አላየሁም፤ ውዱን ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም።

እናት፣ ከአንኮበር፦
ይህ እንጥል መውረድ ነው፣ ልጄ። የእኔም ልጅ ምንም አልዋጥ ብሎት ነበር፤ እንጥሉን አስቆርጬለት በሳምንቱ ዳነ። እጁ የጸዳ ሰው እኛ ሰፈር አለ፤ ከፈለጋችሁ አገናኛችኋለሁ።

መምህር፣ ከሸዋ ሮቢት፦
እኔም መዋጥ አቅቶኝ ስለነበር የራሴን ልናገር። ዶክሲሳይክሊን ታዞልኝ ማታ ልተኛ ስል እንክብሉን በአንድ ጉንጭ ውኃ ዋጥ አድርጌ ጋደም አልሁ። ሌሊት ስነቃ ደረቴ መካከል በቢላ የተወጋሁ ያህል ነበር፤ ምራቅ ስውጥ እንኳን እንባዬ ይመጣ ነበር። ሐኪሙ እንክብሉ መንገድ ላይ ተጣብቆ እንዳቆሰለኝ ነገረኝ። መድኃኒቱን በሌላ ተካልኝ፤ በዐሥር ቀን ውስጥም ሕመሙ ጠፋ። አባትዎ ሲተኙ የሚውጡት እንክብል ካለ ይጠይቋቸው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም እንክብል የምውጠው ቁጭ ብዬ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ነው፤ ከዋጥሁ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጀርባዬን አላሳርፍም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ጥቆማ ከመስጠቴ በፊት ሦስት ነገር ልጠይቅ። አባትዎ መጀመሪያ መብላት ያቆሙት ምንድን ነው? ውኃና አጥሚትስ ያለ ችግር ይወርድላቸዋል? ቀበቷቸውስ እንዴት ነው? እህቴ ከአንኮበር፣ አይቀየሙኝ፤ የልጅዎ ሕመም ምናልባት በራሱ ጊዜ የሚያልፍ የጉሮሮ ቁስለት ነበር። እንጥል መቁረጥ ደም ያፈስሳል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል፤ ምግብ የሚቀርበት ቦታ ጋ ደግሞ ጨርሶ አይደርስም። የአገናኙን ነገር ይተዉት።

ጠያቂ፣ ከመሐል ሜዳ፦
ጥያቄዎን ይዤ ከእናቴ ጋር ስንነጋገር ነገሩ እኔ ከጻፍሁት ቀደም ብሎ መጀመሩን ተረዳሁ። በገና ሰሞን ቆሎ ተዉ፤ ጥርሳቸው ነው ብለን አለፍነው። በዐቢይ ጾም ደረቅ የገብስ ቂጣ ሲበሉ በየጉርሻው ውኃ ይጎነጩ ጀመር። ጾም ስለነበር የሥጋውን ነገር ያወቅነው ለፋሲካ ነው፤ የመጀመሪያዋ ጉርሻ አልወርድ ብላቸው ከማዕዱ ተነሥተው ውጭ ተፏት። አሁን እንጀራውን በወጥ አርሰው ካላላሙት አይወርድም፤ ውኃና አጥሚት ግን ይወርዳል። ባለፈው ዓመት ለሌላ ሕመም ሲታዩ ክብደታቸው 61 ኪሎ ነበር፤ ትናንት ጤና ጣቢያ ስንመዝናቸው 53 ሆነ። የሚወስዱት ሌላ እንክብል የለም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
የጻፉልኝ ቅደም ተከተል ከየትኛውም መሣሪያ በፊት ብዙ ይናገራል። ቆሎ፣ ቀጥሎ ደረቅ ቂጣ፣ ቀጥሎ ሥጋ፣ አሁን ደግሞ እንጀራ እያሉ ሄደዋል፤ ጠጣሩ እየቀረ ፈሳሹ ብቻ ማለፉ መተላለፊያው ከወር ወር እየጠበበ መምጣቱን ያሳያል። የጉሮሮ ቁስለት እንዲህ አይሄድም። ቁስለት ሲሆን ምግቡ እያመመ ይወርዳል እንጂ አይቀርም፤ አብዛኛውም በሳምንት ገደማ ይለቃል። ከጅምሩ ውኃም ምግብም እኩል አልወርድ ቢላቸው ኖሮ ከመጥበብ ይልቅ የምግብ ቱቦው አልታዘዝ ማለቱን እጠረጥር ነበር። የመምህሩ ዓይነት ደግሞ በአንድ ሌሊት የሚጀምር፣ ሕመሙ የበረታ፣ ምክንያቱም የሚታወቅ ነው።

አንድ ነገር እንዳያሳስትዎ፤ አባትዎ አንገታቸውን ማሳየታቸው ችግሩ አንገት ላይ ነው ማለት አይደለም። ታማሚ ደረቱን ካሳየ ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ አንገቱን ካሳየ ግን ጥበቱ ከታች፣ ጨጓራ አጠገብ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ጉሮሮህ ንጹሕ ነው» ተብሎ የሚመለሰው፤ ሐኪሙ ያየው ልክ ነው፣ ያላየው ግን ከዚያ በታች ያለውን ነው።

እንግዲህ አገልግሎቶቹን ላወዳድር። የአንገት በላይ ሐኪም የሚቀድመው ሕመሙ ወደ አንድ ወገን ሲያደላና አፍ አልከፈት ሲል፣ ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ ሲጎረንን፣ አንገት ላይ እብጠት ሲወጣ ወይም አጥንት ሲወጋ ነው። የባሪየም ራጅ ነጭ ፈሳሽ እያስዋጡ የሚነሣ ሲሆን ጥበቱ የት እንደሆነና ምን ያህል ርዝመት እንዳለው ያሳያል፤ ቱቦው አልታዘዝ ሲልም ጎልቶ የሚታየው በእርሱ ነው። ነገር ግን ናሙና አይወስድም፤ የጠበበው በጠባሳ ይሁን በካንሰር አይለይም። ኢንዶስኮፒ በካሜራ ቦታውን ያያል፣ በዚያው ናሙና ይቆርጣል። አባትዎ በቀጥታ ኢንዶስኮፒ ያስፈልጋቸዋል፤ እርሱ በቅርብ ቀን ካልተገኘ ብቻ ራጁ ይቅደም። የምግብ ቱቦ የሚለጠጥ ስለሆነ ግማሽ ያህሉ እስኪጠብ ድረስ ብዙ ሰው ምንም አይሰማውም፤ ሲሰማው ብዙ ቆይቷል ማለት ነው። ስለዚህ ቀጠሮው በሳምንታት እንጂ በወራት የሚቆጠር አይሁን።

የመድኅኑን በተመለከተ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ጀምሮ ደረጃውን ጠብቀው ይሂዱ፤ ደረጃውን ዘለው የግል ተቋም ከገቡ ወጪው የራስዎ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ «የጉሮሮ ሕመም» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ አደራ፤ ጠጣር ምግብ አልወርድ ማለቱ፣ የጀመረበት ወርና የቀነሱት 8 ኪሎ ይጻፍ፤ ወረፋውን የሚያፋጥነው እርሱ ነው። ወደ ደብረ ብርሃንም ሆነ ወደ አዲስ አበባ ከመነሣትዎ በፊት ደውለው መሣሪያው እየሠራ መሆኑን፣ የሚሠራው ሐኪም በየትኛው ቀን እንደሚገባና ናሙና የሚወስዱ መሆናቸውን ይጠይቁ። ናሙና የማይወሰድበት ኢንዶስኮፒ ቢረክስም ለእርሳቸው እንደገና መሠራት ነው።

የመድኃኒት ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን፦
የክብደቱን ነገር ባውቅ ኖሮ አንድ ወር አልልም ነበር። ይሁን እንጂ ቀጠሮው እስኪደርስ ኦሜፕራዞሉን ቢወስዱ ምን ይጎዳል? ቃር የነበረበት ሰው ስንት ነው በእርሱ ብቻ የዳነው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ጉዳቱ ማስታገሱ ነው። አሲዱ ሲቀንስ ካንሰርም ቢሆን ላይ ላዩ ያገገመ መስሎ ታማሚው ቀጠሮውን ሲተው አይቻለሁ፤ ካሜራው የሚያየውንም ሊያደበዝዝ ይችላል። ቀጠሮው ቅርብ ከሆነ ባይጀምሩት እመርጣለሁ። የባልደረቦቼ አስተያየት በዚህ ላይ አንድ አይደለም፤ ሕመሙ እንቅልፍ ከነሣቸው የሚሰጡም አሉ።

ጠያቂ፣ ከመሐል ሜዳ፦
ቀጠሮ ለማክሰኞ አዲስ አበባ ተገኝቷል። ስምንት ሰዓት ያህል ባዶ ሆድ ይሁኑ ተብለናል፤ ሌላ የምናደርገው አለ? በመንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆኑስ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ምግብ ከጥበቱ በላይ ተጠራቅሞ ስለሚያድር ለእርሳቸው ስምንት ሰዓት ብቻውን አይበቃም፤ ሰኞን ሙሉ ቀን በፈሳሽ ብቻ ይዋሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም የስኳር ሕመም ካለ አስቀድመው ይናገሩ። የሚያስተኛ መርፌ ከተሰጣቸው ብቻቸውን አይመለሱ። ጉርሻ ተቀርቅሮ ምራቃቸውን እንኳን መዋጥ ካቃታቸውና ከአፋቸው ከፈሰሰ ወይም ትንፋሻቸው ድምፅ ካወጣ ግን ማክሰኞን አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። በደረቅ ዳቦ ለመግፋት አይሞከር።

ጠያቂ፣ ከመሐል ሜዳ፦
ተሠርቶላቸው ተመልሰናል። ጥበቱ የተገኘው ሐኪሙ እንዳሉት ታች፣ ወደ ጨጓራው መግቢያ ቀረብ ብሎ ነው፤ ካሜራው አላልፍ ስላለ ከዳሩ ስድስት ናሙና ቆርጠዋል። ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይደርሳል ተብለናል። እንግዲህ ምን ልጠብቅ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ከፎቶው ጋር የተሰጣችሁን ወረቀት ዋናውን ያዙት፤ የሚቀጥለው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነው። ናሙናው ካንሰር ካለ ቀጣዩ ሥራ በሲቲ ስካን ምን ያህል እንደተዛመተ ማየት ነው፤ ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞቴራፒ ወይም ጨረር የሚለው የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው። ጠባሳ ካለ በመለጠጫ ይሰፋል፣ አንዳንዴም ደጋግሞ። «ምንም የለም» ቢል ግን በደስታ ወደ ቤት አይሂዱ፤ ካሜራ የማያሳልፍ ጥበት ላይ የተቆረጠው ናሙና ትክክለኛውን ቦታ ስቶ ሊሆን ስለሚችል ይደገምልን ብለው ይጠይቁ።

እናት፣ ከአንኮበር፦
እግዚአብሔር ይማርልዎ፣ ልጄ። እስከዚያው አጥሚቱን በወተት አወፍሪላቸው ብለው ለእናትዎ ይንገሩልኝ፤ እንቁላልም በደንብ ተመትቶ ይግባበት። ሰው በሁለት ሳምንት ብዙ ይከሳል።

ጠያቂ፣ ከመሐል ሜዳ፦
እርሱ ነው ያስቸገረኝ። የሐዋርያት ጾም ገብቷል፤ የንስሐ አባታቸው ለሕመምተኛ ይፈቀዳል ብለው ቤት ድረስ መጥተው ነግረዋቸዋል፤ እርሳቸው ግን ወተቱን አላስጠጉትም። ለጊዜው አጥሚቱን በተልባና በለውዝ ዱቄት እያወፈርን፣ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ እየሰጠናቸው ነው። ለብ ሲል ይወርድላቸዋል። ክብደታቸውን ቅዳሜ እንመዝናለን፤ ከ53 ከወረደ የንስሐ አባታቸውን መልሼ አመጣቸዋለሁ።