«ሕግ ሁሉ ሕግ አውጪ አለው» የሚለው ሙግት የቱ ጋ ነው የሚሰበረው?

ሎጂክ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ለክፍል ክርክር የተሰጠን ሙግት ይህ ነው፦ ሕግ ሁሉ ሕግ አውጪ አለው፤ የስበት ሕግ ሕግ ነው፤ ስለዚህ የስበት ሕግም አውጪ አለው። ቅርጹ ሲታይ እንከን የለውም።

እኔ የሞከርኩት ቃሉን በፍቺው መተካት ነው። «ሕግ» ሰው እንዲታዘዘው የወጣ ድንጋጌ ከሆነ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ያስኬዳል፤ ሁለተኛው ግን ይወድቃል። ድንጋጌ ይጣሳል፤ የተወረወረ ድንጋይ ግን ስበትን መጣስ አይችልም። «ሕግ» ሳይዛነፍ የሚደጋገም የተፈጥሮ አካሄድ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ልክ ይሆንና የመጀመሪያው ማስረጃ ያጣል። ፍቺውን መሃል ላይ ከቀየርን በሦስት ፈንታ አራት ሐሳቦች ስለሚኖሩ መደምደሚያው ከሁለቱ አይከተልም። (ፈጣሪ የለም ማለቴ አይደለም፤ አማኝ ነኝ። ይህ ሙግት ብቻውን አያረጋግጥም ነው የምለው።)

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። ተከራካሪዬ «ሁለቱንም የሚያቅፍ ፍቺ አለ፤ ሕግ ማለት ሥርዓት ነው» አለችኝ። እንዲህ ከሆነ ፍቺው አንድ ነው፤ ቅርጹም ይጸናል። ታዲያ ስህተቱ ጠፋ? ወይስ «ሥርዓት ሁሉ አውጪ አለው» ማለት ራሱ መረጋገጥ ያለበትን ነገር አስቀድሞ እንደ እውነት መውሰድ ነው? መልሴን ከየትኛው ልጀምር?